ዝውውር የመጣበት ተከራይና ያላለቀ የኪራይ ውል፦ ተተኪ ማምጣት የሚፈታውና የማይፈታው

በሐዋሳ ስለ ቤት ኪራይ ሲወራ ከዋጋው ቀጥሎ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። የአንድ ዓመት ወይም የሁለት ዓመት ውል የፈረመ ሠራተኛ በመካከል የዝውውር ደብዳቤ ይደርሰዋል። ቤቱን መልቀቅ አለበት፤ ውሉ ግን ገና ወራት ይቀሩታል። ለአከራዩ «በእኔ ምትክ የሚገባ ሰው አመጣለሁ» ይላል። አከራዩ አንዳንዴ ይስማማል፣ አንዳንዴ «ውል ውል ነው» ይላል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ቁርጥ ያለ መልስ ሳይሰጥ ቀኑ ይደርሳል።

በጉዳዩ ላይ ሦስት ዓይነት አባባል ይሰማል። አንዱ «ዝውውር ከአቅም በላይ ስለሆነ ውሉ በራሱ ይቀራል» ይላል። ሌላው «የቤት ኪራይ አዋጁ ሁለት ዓመት ስላለ ከዚያ በፊት መውጣት አይቻልም» ይላል። ሦስተኛው «ተተኪ ያመጣ ተከራይ ዕዳው አለቀ» ይላል። የመጀመሪያው በአብዛኛው ስህተት ነው፤ ሁለተኛው አዋጁን በግማሹ ያነበበ ሰው አስተያየት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ እውነት የሚሆነው አንድ ወረቀት ሲፈረም ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚያተኩረው በሦስተኛው ላይ ነው።

ጥያቄው በሐዋሳ ለምን በዛ?

ሐዋሳ ለረጅም ዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። የክልል ቢሮዎች፣ የሥልጠና ተቋማትና የበርካታ ድርጅቶች ቅርንጫፎች በዚያው ተከማችተው ነበር። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲቋቋሙ፣ ሐዋሳ ተቀምጦ ይሠራ የነበረ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ተመደበ። ከመንግሥት ሠራተኛው ሌላ በየጊዜው የሚዘዋወረው የባንክ ሠራተኛ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ባለሙያና የግብረ ሰናይ ድርጅት ሠራተኛ አለ።

ዝውውር የሚታዘዝበት ፍጥነትና የኪራይ ውል የሚታሰርበት ርዝመት አይገናኙም። ደብዳቤው ሠራተኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሪፖርት እንዲያደርግ ይጠይቃል። ውሉ በዓመት ይቆጠራል። መሥሪያ ቤቶች የጓዝ ማንሻ ቢሰጡ እንኳ የሚያስቡት ስለ ዕቃው ጭነትና ስለ መጓጓዣው ነው፤ ያላለቀ የኪራይ ውል የሚያስከትለው ወጪ በተከራዩ ትከሻ ላይ ይቀራል።

የትኛው ሕግ ነው የሚገዛው?

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ ቀርቦ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ የውሉ ዘመንም በመርህ ደረጃ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ይሁን እንጂ አዋጁ በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ በአንድ ቀን ሥራ ላይ እንዲውል አልተደረገም። በክልሎች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ የሐዋሳ ተከራይ የመጀመሪያ ሥራው ውሉን ይዞ በክፍለ ከተማው የቤት ጉዳይ የሚመለከተውን ክፍል መጠየቅ ነው፦ ውሌ የሚመዘገብ ነው ወይ? ከሆነስ ተመዝግቧል ወይ?

ከላይ «አዋጁን በግማሹ ያነበበ» የተባለው ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የሁለት ዓመቱ ዝቅተኛ ዘመን የወጣው በዋነኛነት አከራዮች በየጥቂት ወሩ «ልቀቅ» እያሉ ኪራይ እንዳይጨምሩ ነው። አዋጁ ውል የሚቋረጥባቸውን መንገዶችም ለይቶ አስቀምጧል፤ በስምምነት የሚቋረጥበትና በማስጠንቀቂያ የሚቋረጥበት ክፍል አለው። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ውሉን እንዳያቋርጡ የሚከለክል ሕግ የለም። ስለዚህ ዝውውር የመጣበት ሰው አዋጁ ውስጥ ሊያነበው የሚገባው ስለ ውል ማቋረጥ የሚናገረውን ክፍል ነው፤ የሁለት ዓመቱን ብቻ አንብቦ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

አዋጁ በማይደርስባቸው ውሎች ላይ ጉዳዩ የሚታየው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚህ መነሻው አንቀጽ 1731 ነው፦ በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይጸናል። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ተዘጋጅተው የሚሸጡ የኪራይ ውል ቅጾች መጨረሻ ላይ ይህ ቁጥር የማይጠቀስበት የለም ማለት ይቻላል፤ ፈራሚዎቹ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ማኅተም ያዩታል እንጂ አያነቡትም። ትርጉሙ ለተከራዩ ከባድ ነው፦ የአንድ ዓመት ውል የፈረመ ሰው በስድስተኛው ወር በራሱ ውሳኔ ብቻ ቢወጣ ውል አፍራሽ ይሆናል።

ዝውውር «ከአቅም በላይ» ይባላል?

ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ማለት ተዋዋዩ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል፣ ውሉን መፈጸምንም ፈጽሞ የሚያግድ ነገር ነው። ሕጉ መለኪያውን ጠበቅ አድርጎታል። ውሉን መፈጸም ከባድ ወይም ውድ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ የማይቻል መሆን አለበት።

ከዚህ አንጻር ዝውውሩ የሚያግደው ምንድን ነው? የተከራይ ዋና ግዴታ ኪራይ መክፈል ነው። ሶዶ ተቀምጦ ለሐዋሳ አከራይ ኪራይ መክፈል ይቻላል፤ የማይረባ ወጪ ነው እንጂ የማይቻል ነገር አይደለም። እንዲያውም ልጆቻቸው ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ቤተሰባቸውን ሐዋሳ ትተው ለብቻቸው የሚሄዱ ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም፤ ፍርድ ቤት ቢቀርብ የአከራዩ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሊዘዋወር እንደሚችል ሲፈርም ያውቅ ነበር የሚለው ክርክር ይከተላል።

በተቃራኒው ወገን የሚቀርበው ሐሳብም ችላ የሚባል አይደለም። በክልሎች አደረጃጀት ለውጥ ምክንያት የተመደበ ሰው ዝውውሩን አልጠየቀም፤ እምቢ ካለ ሥራውን ያጣል። በራሱ ጥያቄ ከተዘዋወረ ሰው ጋር በአንድ ሚዛን መመዘኑ ፍትሐዊ አይመስልም። ልዩነቱ ከአከራይ ጋር በሚደረግ ድርድርም ሆነ በሽማግሌ ፊት ክብደት አለው። በሕጉ መለኪያ ግን ውጤቱን ይቀይረዋል ብሎ መተማመን አደጋ ነው። ውሉ ውስጥ «ተከራይ በሥራ ዝውውር ምክንያት ከከተማው ቢወጣ…» የሚል ሐረግ ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ተከራዩ የሚጠቀመው በውሉ በራሱ ነው።

ተተኪ ሲባል ምን ማለት ነው?

«በእኔ ቦታ ሰው አስገባለሁ» የሚለው አነጋገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ችግሩ የሚጀምረውም አከራይ፣ ተከራይና ተተኪ እያንዳንዳቸው የተለያየውን በልባቸው ይዘው ሲስማሙ ነው።

የመጀመሪያው ተከራዩ ቤቱን መልሶ ለሌላ ሰው የሚያከራይበት ነው። እዚህ የድሮው ውል ሳይነካ ይቆያል፤ ተተኪው የሚያውቀው የድሮውን ተከራይ ነው፣ አከራዩም የሚያውቀው የድሮውን ተከራይ ነው። አብዛኞቹ የኪራይ ውሎች ይህን በግልጽ ይከለክላሉ። ባይከለክሉም ወደ ሶዶ የሄደ ሰው በሐዋሳ አከራይ የመሆን ፍላጎትም ጊዜም የለውም።

ሁለተኛው ተተኪው የቀረውን ውል እንዳለ የሚረከብበት ነው፦ ያው ኪራይ፣ ያው ቀሪ ወራት፣ ያው ግዴታ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ወጥመዱ ያለው እዚህ ነው። በውል ሕግ ባለዕዳ ዕዳውን ለሌላ ሰው ሲያሳልፍ ባለገንዘቡ በግልጽ ነጻ ካላደረገው በቀር ከዕዳው አይወጣም። አከራዩ «እሺ፣ ይግባ» ማለቱ አዲሱን ሰው መቀበል እንጂ የድሮውን መልቀቅ አይደለም። ተተኪው ገብቶ በሦስተኛው ወር ኪራይ ቢያቆም አከራዩ ስልክ የሚደውለው ወደ ሶዶ ነው፤ መብቱም ሊኖረው ይችላል።

ሦስተኛው አከራዩና የድሮው ተከራይ ውላቸውን በስምምነት የሚያቋርጡበት፣ አከራዩ ከተተኪው ጋር ሌላ አዲስ ውል የሚፈርምበት ነው። ለሚሄደው ሰው አስተማማኙ ይህ ብቻ ነው። ውሉ ከተመዘገበም በሐሳብ ደረጃ ንጹሕ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው፤ መቋረጡ ይገለጻል፣ አዲሱ ውል በአዲሱ ተከራይ ስም ይመዘገባል።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ተተኪ ማምጣት በራሱ መብት የሚያስገኝ ድርጊት አለመሆኑ ነው። ዋጋው ሌላ ነው፦ የአከራዩን ኪሳራ ስለሚያሳንስለት በስምምነት እንዲያቋርጥ ምክንያት ይሰጠዋል። በስምምነት ከተቋረጠ ደግሞ «ውል አፍራሽ» የሚባል ሰው አይኖርም፤ ከማፍረስ የሚመጣው ካሳም ሆነ በውሉ ላይ አስቀድሞ የተቆረጠው ገደብ አብሮ ይቀራል።

አከራዩ የሚያመነታው ለምንድን ነው?

ብዙ ተከራዮች የአከራይን እምቢታ እንደ ግትርነት ያዩታል። በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞች የተለመደው አከፋፈል ግን ሌላ ምክንያት ያሳያል። የሦስት ወር ወይም የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይከፈላል፤ አከራይዋም ገንዘቡን ለልጆች ትምህርት ቤት፣ ለግቢው ግንባታ ወይም ለዕቁብ አውላዋለች። ተከራዩ «እትዬ፣ የቀረውን መልሱልኝ» ሲላት በእጇ የለም። ስለዚህ የምትሸሸው የተከራዩን መውጣት ሳይሆን ገንዘብ የመመለሱን ጥያቄ ነው።

ተተኪው ይህን ቋጠሮ ይፈታል፤ አዲሱ ተከራይ የሚከፍለው ቅድመ ክፍያ ለሚወጣው ሰው የሚመለሰው ገንዘብ ምንጭ ይሆናል። ጥያቄውን ለአከራይ ሲያቀርቡ ከዚህ መጀመር «ዝውውሬ ከባድ ነው» ከማለት የተሻለ ይሰማል። ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ እንከተለው።

አንድ ሠራተኛ በታቦር ክፍለ ከተማ ባለ ሁለት መኝታ ቤት በወር 12,000 ብር ተከራየ እንበል። ውሉ ከመስከረም 1 እስከ ነሐሴ 30 ነው። አዋጁ የማይመለከተው ውል ነው እንበልና የስድስት ወር ኪራይ፣ 72,000 ብር፣ ሲፈርም ከፍሏል፤ ይህ እስከ የካቲት 30 ይሸፍናል። ውሉ «ውሉን ያፈረሰ ወገን 20,000 ብር ገደብ ይከፍላል» ይላል። የዝውውር ደብዳቤው ኅዳር 20 ደረሰው። በማግስቱ ለአከራይዋ በጽሑፍ አሳወቀ፤ ታኅሣሥ 30 ይወጣል። ተተኪ የምትሆን ነርስ አግኝቷል፤ እርሷ መግባት የምትችለው ጥር 11 ነው።

ሰውየው አራት ወር ኖሯል፤ 48,000 ብር ተጠቅሟል። በአከራይዋ እጅ የቀረው የሁለት ወር 24,000 ብር ነው። ቤቱ ከጥር 1 እስከ 10 ባዶ ይቆያል፤ በቀን 400 ብር ሲታሰብ 4,000 ብር ይሆናል። የተሰበረ የመስኮት መስታወት 1,500 ብር፣ ያልተከፈለ የውሃ ሒሳብ 500 ብር ተጨመረ እንበል። በስምምነት ቢያቋርጡና ተከራዩ እነዚህን ሁሉ ቢሸፍን የሚመለስለት 18,000 ብር ነው። ነርሷ የሁለት ወር 24,000 ብር ትከፍላለች። አከራይዋ ከዚያ ላይ 18,000 መልሳ 6,000 ብር ይተርፋታል፤ ይህም በትክክል የባዶዎቹን ቀናት፣ የመስታወቱንና የውሃውን ድምር ያህላል። ከኪሷ የወጣ ነገር የለም፤ ቤቱም እስከ መጋቢት 10 ተከፍሎበታል።

አሁን ሳይስማሙ የሚሆነውን እንይ። አከራይዋ ነርሷን አስገብታ 24,000 ብሩንም አልመልስም ብትል ከጥር 11 እስከ የካቲት 30 ያሉትን 50 ቀናት ኪራይ ከሁለት ሰው ትሰበስባለች፤ ይህ 20,000 ብር ነው። ለዚህ የሚሆን መሠረት ከኪራዩ ውስጥ አታገኝም። ማግኘት የምትችለው ከገደቡ ነው። ሰውየው ያለ ስምምነት ከወጣ ውል አፍርሷል፤ ገደብ ደግሞ ጉዳት መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልግ የሚጠየቅ አስቀድሞ የተቆረጠ ካሳ ነው። በዚያ መንገድ 20,000 ብር ገደቡን፣ መስታወቱንና ውሃውን ስትቀንስ 2,000 ብር ብቻ ትመልሳለች። ገደቡ የካሳ ምትክ ስለሆነ የባዶዎቹን ቀናት 4,000 ብር በላዩ ላይ መጨመር አትችልም። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው የ16,000 ብር ልዩነት አከራይዋ በአንድ ወረቀት ላይ በመፈረሟና ባለመፈረሟ የሚመጣ ነው።

ስለ ገደብ አንድ ነገር እግረ መንገድ ማንሳት ያስፈልጋል። በቅጾቹ ላይ «ገደቡን ከፍሎም ውሉ በሕግ ፊት የጸና ይሆናል» የሚል አረፍተ ነገር አይጠፋም። ተከራዮች ገደቡንም የቀሩትን ወራት ኪራይም አንድ ላይ እንደሚከፍሉ አድርገው ይረዱትና ይደነግጣሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ መርህ ግን ባለገንዘቡ የውሉን መፈጸምና ገደቡን በአንድነት እንዳይጠይቅ ነው፤ ገደቡ የተቀመጠው ለመዘግየት ወይም ለተጓዳኝ ግዴታ ከሆነ ብቻ ነው ሁለቱ አብረው የሚሄዱት።

አከራይ ተተኪውን እምቢ ቢልስ?

አከራይ ማን ቤቱ እንደሚገባ የመምረጥ ነጻነት አለው። በሐዋሳ ደግሞ ብዙ የሚከራይ ቤት የሚገኘው ባለቤቱ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው፤ በር፣ የውሃ ቧንቧና የመብራት ቆጣሪ ይጋራሉ። አንድ ብቸኛ ሠራተኛ የነበረበት ቤት ስድስት ሰው ሊገባበት ነው ቢባል፣ ወይም ተተኪው ቤቱን ለንግድ ዕቃ ማከማቻ ሊያደርገው እንደሆነ ቢታወቅ፣ እምቢታው ማንም የሚረዳው ነው። የተተኪው ገቢ ኪራዩን የማይሸከም ከሆነም እንዲሁ።

ክርክር የሚያስነሳው ሌላው ዓይነት እምቢታ ነው። ተተኪዋ በ12,000 ብር ለመግባት ዝግጁ ሆና ሳለ አከራይዋ «ለአዲስ ሰው 14,000 ነው» ትላለች፤ ተተኪዋ ትሄዳለች፤ ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ይቀመጣል፤ ከዚያ አከራይዋ የሁለቱን ወር ኪራይ ከድሮው ተከራይ ትጠይቃለች። በውል ሕጉ ውል የፈረሰበት ወገን ብዙ ወጪና ችግር ሳያስከትልበት ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን ማድረግ አለበት፤ ይህን ካላደረገ ውል ያፈረሰው ወገን ካሳው እንዲቀነስለት መከራከር ይችላል። ተመሳሳይ ኪራይ የሚከፍል፣ ምንም ነውር ያልተገኘበት ሰው በእጇ ቀርቦ ለተጨማሪ 2,000 ብር ስትል የመለሰች አከራይ ከዚያ በኋላ ያለውን ባዶ ጊዜ በተከራዩ ላይ መጫን ይከብዳታል። በዚህ ረገድ የተከራዮች ወገን ክርክር የሚያሳምን ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ሁለት ውስንነቶች አሉት። አንደኛ፣ ይህ ክርክር ካሳን ይቀንሳል እንጂ አከራይዋን በግድ አያስፈርማትም። ሁለተኛ፣ የሚሠራው በተጨባጭ ጉዳት ልክ በሚሰላ ካሳ ላይ ነው፤ በተቆረጠ ገደብ ላይ ኃይሉ ደካማ ነው። ውላቸው ላይ ትልቅ ገደብ የተጻፈባቸው ሰዎች ከመከራከር ይልቅ መስማማትን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ትክክልም ናቸው።

ማስረጃ የሌለው ተተኪ ደግሞ እንዳልነበረ ይቆጠራል። «ሰው አምጥቼላት ነበር» ማለት ብቻውን ፍርድ ቤት አይወስድም። የተተኪው ሙሉ ስም፣ የሥራ ቦታ፣ በስንት ብርና ከመቼ ጀምሮ ለመግባት ዝግጁ እንደሆነ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ተጽፎ በአንዱ ላይ አከራይ እንድትፈርም ማድረግ፣ ካልፈረመች ሁለት ምስክሮች ባሉበት መስጠትና ፎቶውን በስልክ መልእክት መላክ ነው ተገቢው።

ብልሽቱ የት ይገባል?

በጣም የተለመደው ስህተት የሚሄደው ተከራይና ተተኪው አከራይዋን ሳያካትቱ መጨረሳቸው ነው። ተተኪው ቀሪውን 24,000 ብር ለሚወጣው ሰው ይሰጣል፣ ቁልፉን ይቀበላል፣ ዕቃውን ያስገባል። አከራይዋ በማግስቱ የማታውቀውን ሰው ግቢዋ ውስጥ ታገኛለች። ተተኪው ከእርሷ ጋር ውል ስለሌለው ልቀቅ ብትለው መልስ የለውም፤ ገንዘቡን ለመጠየቅ ወደ ሶዶ ይደውላል። የሄደው ሰው ደግሞ ከአከራይዋ ጋር ያለው ውል አልተነካም፤ ለሌላ አሳልፎ በመስጠቱም ሁለተኛ ጥፋት ጨምሯል። ስለዚህ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ከተተኪው ወደ አከራይዋ፣ ከአከራይዋ ወደሚወጣው ሰው ነው፤ ሁለቱም በባንክ፣ ምክንያቱ ተጽፎበት፣ በአንድ ቀን ቢሆን ይመረጣል።

ሌላው ብልሽት የሚመጣው ኪራዩ በውሉ ላይ ዝቅ ተደርጎ ሲጻፍ ነው። ግብር ለማሳነስ ሲባል 12,000 ብር የሚከራየው ቤት በወረቀት ላይ 6,000 ይሆናል፤ ቅድመ ክፍያውም በእጅ ይሰጣል። ሰላም ባለበት ጊዜ ማንም አያስበውም። ተከራዩ የቀረውን ሊጠይቅ ሲመጣ ግን የሚያሳየው ሰነድ የግማሹን ብቻ ይመሰክራል።

መፈረም ያለበት ወረቀት ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ለምሳሌያችን ይህን ያህል ይበቃል፦

«እኛ አከራይና ተከራይ መስከረም 1 ቀን የተፈራረምነውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከታኅሣሥ 30 ቀን ጀምሮ በስምምነት አቋርጠናል። አከራይ ከተቀበልኩት ቅድመ ክፍያ የቀረውን 24,000 ብር ከአሥር ቀን ኪራይ 4,000፣ ከመስታወት 1,500 እና ከውሃ 500 ብር ጋር አቻችዬ 18,000 ብር በባንክ እመልሳለሁ። ከዚህ ሒሳብ ውጪ ለቀሪው የውል ዘመን ኪራይ፣ ካሳም ሆነ ገደብ አልጠይቅም። ከአዲስ ተከራይ ጋር የማደርገው ውል የቀድሞውን ተከራይ አይመለከትም።»

የመጨረሻው አረፍተ ነገር ከላይ «አከራዩ ስልክ የሚደውለው ወደ ሶዶ ነው» የተባለውን በር የሚዘጋው ነው። ውሉን በመጀመሪያ የፈረሙት ምስክሮች በዚህም ላይ ቢፈርሙ ይመረጣል፤ ውሉ ተመዝግቦ ከሆነ አንዱ ቅጂ ወደ መዝጋቢው ክፍል ይሄዳል። ቁልፍ ሲረከቡ የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ንባብ በዚያው ወረቀት ጀርባ መጻፍና ሁለቱም መፈረም አለባቸው፤ ቆጣሪዎቹ በአከራዩ ስም ስለሆኑ ሒሳቡ የሚመጣው ተከራዩ ከሄደ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉም ቦታ አለው። አከራይዋ አዲሱን ውል ቀድማ ከፈረመች በኋላ የማቋረጫውን ወረቀት ለመፈረም የምትቸኩልበት ምክንያት አይኖራትም፤ ተከራዩ ደግሞ ጓዙን በመኪና ላይ ጭኗል። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ተተኪው ባለበት፣ ማቋረጫው ቀድሞ ቢፈረም ማንም አይጎዳም።

ሶዶ ደርሶ አዲስ ቤት የሚከራየው ሰው በአዲሱ ውል ላይ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይችላል፦ «ተከራይ በሥራ ዝውውር ምክንያት ከከተማው የሚወጣ ከሆነ የዝውውር ደብዳቤውን አያይዞ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ በማሳወቅ ገደብ ሳይከፍል ውሉን ማቋረጥ ይችላል፤ አከራይ ያልተኖረበትን ጊዜ ቅድመ ክፍያ ይመልሳል።» አከራዩ በምትኩ ማስጠንቀቂያው ወደ ሦስት ወር ከፍ እንዲል ወይም ቤቱ እስኪከራይ ቢበዛ የአንድ ወር ኪራይ እንዲቀርለት ሊጠይቅ ይችላል። ዝውውር በሚበዛበት የሥራ ዘርፍ ላለ ሰው በዚህ ላይ መስማማት ኪራዩን በ500 ብር ከማስቀነስ የበለጠ ይጠቅመዋል።